ለዳይሬክተሩ የሚጻፈው የሦስት ሳምንት ፈቃድ

"ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምንኖረው እነዋሪ ነው። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። አያቴ በ77ቱ ሰፈራ ከመንዝ ተነስተው ኢሉባቦር ገቡ፤ አሁንም እዚያው መቱ አካባቢ ናቸው። እርጅናው ተጭኗቸዋል፤ 'ልጆቻችሁን ሳላይ' እያሉ ነው። ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ያገኘው ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 12 ብቻ ነው። 'በማኅበራዊ ጉዳይ ለተወሰነ ጊዜ' ብዬ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ 'ይሄ አይበቃም' ብላ መለሰችልኝ። ጎረቤቶቼ 'ታማለች በይና ተገላገይ' ይሉኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?"

ጸሐፊዋ ውለታ ውላልዎታለች። ያ ደብዳቤ ቢገባ ኖሮ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ ነበር። እኔ በሰሜን ሸዋ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ አውቀዋለሁ። "ለተወሰነ ጊዜ" ስንት ቀን እንደሆነ አይታወቅም። "ማኅበራዊ ጉዳይ" ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ወይም ሌላ፣ አይታወቅም። ስለዚህ "ወላጅ ይጠራ" ብለን ጠርዙ ላይ እንጽፍበታለን። ወላጅ እስኪጠራ ደግሞ ሳምንቱ ያልቃል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ጸሐፊዋ አትነግርዎትም። ወሩ ኅዳር ነው። የእርስዎ አገር ደግሞ ሞረትና ጅሩ ነው። ስንዴውና ጤፉ የሚታጨደው፣ የሚከመረውና የሚወቃው በዚሁ ሰሞን ነው። ከገጠር የሚመጡ ልጆች ከክፍል የሚጠፉትም በዚሁ ሰሞን ነው። አንዱ አጨዳ ያግዛል፣ አንዷ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ አንዱ ከብት ይዞ ይውላል። በኅዳር "ማኅበራዊ ጉዳይ" የሚል ደብዳቤ ያየ ዳይሬክተር መጀመሪያ የሚያስበው አጨዳ ነው። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በየዓመቱ ያየው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ደብዳቤ ጉዞ መሆኑ፣ የት እንደሆነና ለምን በዚህ ወር እንደሆነ ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት።

"ታማለች" የሚለውን ይተዉት። ሕመም ካሉ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃሉ። ማስረጃ ፈልገው ካመጡ ደግሞ ሐሰተኛ ወረቀት ያስያዙት የራስዎን ልጅ ነው። በዚያ ላይ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ መቱ ድረስ ሄዳ፣ የቡና ደን አይታ፣ ቅድመ አያቷን ስማ ተመልሳ ለጓደኞቿ እንዳትናገር ማድረግ አይቻልም። መናገርም አለባት። ከዚያ ቀን በኋላ በእውነት ብትታመም እንኳ የሚያምናት መምህር አይኖርም። እውነተኛው ምክንያትዎ ከሐሰቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። በ77 ከመንዝ የተነሱ አያት፣ ዘር ማንዘራቸውን ሳያዩ እንዳያልፉ የሚል ምክንያት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለማን ነው የማይገባው? ከሰፈሩት መካከል ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወላጆች ሁሉ የሚጨነቁት ስለ ቀኑ ነው። "15 ቀን ትቀር ዘንድ ይፈቀድልኝ" ይላሉ። ዳይሬክተሩም "ተፈቅዷል" ይላል። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ጥር ላይ፣ ካርድ ሲሰጥ ነው። ልጅቷን የሚጎዳት የቀረችበት ቀን አይደለም፤ በቀረችበት ቀን የተሰጠው ማርክ ነው።

በምሳሌ ላሳይዎት። አንድ የሒሳብ መምህር የሴሚስተሩን 100 ማርክ እንዲህ ከፋፈለው እንበል፦ ሁለት ፈተና እያንዳንዱ 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ የቤትና የክፍል ሥራ 10፣ ሚድ 20፣ የማጠቃለያ ፈተና 40። አከፋፈሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከመምህር መምህር ይለያያል። ስሌቱ ግን ያው ነው። ልጅዎ በሌለችባቸው ሦስት ሳምንታት ሁለተኛው ፈተናና የቡድን ሥራው ቢሰጥ 20 ማርክ አመለጣት ማለት ነው። አሁን ሮስተሩ ላይ ያ ሳጥን ባዶ ሆነ። ባዶ ሳጥን ሲደመር ዜሮ ነው። ብዙ ጊዜ ከመቶ 60 የምታመጣ ልጅ ከቀረው 80 ላይ 48 ታመጣለች። 48 ደግሞ ከ50 በታች ነው። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ ግን ካርዷ ላይ ወደቀች። 80 የምታመጣ ጎበዝ ብትሆን ደግሞ 64 ይሆንባታል፤ አትወድቅም፣ ደረጃዋ ግን ቁልቁል ይሄዳል። አሥር ትምህርት ላይ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያስቡት።

ይህ በእጄ የደረሰብኝ ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምነግርዎት። አንድ አባት ልጁን ይዞ ወደ ዘመድ ሊሄድ በር ላይ አገኘኝ። ሩጫ ላይ ነበርኩ። "ወር ገደማ ነው መምህር፣ ይፈቀድልኝ" አለኝ። "እሺ፣ በሰላም ይመለሱ" አልኩት። ወረቀት አልጠየቅኩም። ለክፍል ኃላፊው ልነግረው አስቤ ረሳሁት። ልጁ ሲመለስ ሁለት መምህራን በራሳቸው ፈቃድ ፈተኑት። ሌሎቹ የሄደበትን ምክንያት አያውቁም፤ "ጠፍቶ የመጣ" ነበር የመሰላቸው። ሴሚስተሩ ሲዘጋ ሦስት ትምህርት ላይ ሳጥኑ ባዶ ነበር። አባትየው ካርዱን ይዞ መጣ። "ፈቅደውልኝ ነበር" አለኝ፤ እውነቱን ነበር። እኔም መፍቀዴን አስታውሳለሁ። ግን በእጄ አንዲት ወረቀት የለችም። ሮስተሩ ተፈርሞ ገብቷል። ከሦስቱ መምህራን ሁለቱን ለምኜ ልጁን አስፈተንኩት፤ ማርኩም ተስተካከለ። ሦስተኛው መምህር ተዛውሮ ሄዶ ነበር። ያ ውጤት እንደዚያው ቀረ። የዚያ ልጅ ካርድ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፍዎ በፊት አንድ ሥራ አለ። የክፍል ኃላፊዋን መምህርት ወይም መምህር ያግኙ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ማለቴ ነው። ሰላም ብለው ጉዞውን ይንገሯቸው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ "ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 12 ባለው ጊዜ ከማርክ የሚያዝ ምን ምን አለ?" የክፍል ኃላፊው የራሱን ትምህርት ያውቃል፣ የሌሎቹን ግን በአብዛኛው አያውቅም። አሥሩንም መምህር እርስዎ እየዞሩ አይጠይቁ፤ ይደክማሉ፣ መምህራኑም እያስተማሩ ነው። ልጅዎ ትጠይቅ። ደብተሯ ኋላ ላይ በትምህርቱ ስም ትጻፍ፦ ምን ይሰጣል፣ መቼ፣ ከስንት። 7ኛ ክፍል ያለች ልጅ ይህን በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች። አንዳንዱ መምህር "ገና አልወሰንኩም" ይላል። ያንንም እንዳለ ትጻፈው።

የቡድን ሥራ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ፈተና ከጠፋ ሁሉም ያስተውለዋል። የቡድን ሥራ ግን ማንም ሳያየው ነው የሚጠፋው። ልጆቹ አምስት ሆነው ይሠራሉ፣ ወረቀቱ ላይ አራት ስም ይጽፋሉ፣ መምህሩ ለአራቱ ማርክ ይሰጣል። ልጅዎ ትመለስና "የኔስ?" ስትል ቡድኑ ቀድሞ አስረክቧል። የሚያዋጣው ከመሄዷ በፊት መምህሩን "የእኔን ድርሻ አሁን ይስጡኝ" ማለት ነው። ብዙ መምህራን እሺ ይላሉ። ከመሄዷ በፊት የጨረሰችው ሥራ ደግሞ በኋላ ማንንም አያከራክርም።

እንግዲህ ይህ በእጅዎ ሲገባ ደብዳቤው ራሱን ይጽፋል። አንድ ገጽ ይበቃል። በእጅ ቢጻፍም በኮምፒውተር ቢጻፍም ችግር የለውም፤ ፊርማው ግን በእጅ ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። ነጥብ ነጥብ የተደረገበትን ስምና ቁጥር እርስዎ ይሙሉት፤ ትምህርቶቹን ደግሞ ልጅዎ ባመጣችው መሠረት ይቀይሯቸው፦

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም

ለ………… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጽ/ቤት
እነዋሪ

ጉዳዩ፦ የ7ኛ "ለ" ክፍል ተማሪ ………… ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም ለቤተሰብ ጉዞ ከትምህርት እንድትቀር ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የተማሪ ………… እናትና በትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የተመዘገብኩ ወላጅ ነኝ።

አያቴ በ1977 ዓ.ም በሰፈራ ከመንዝ ወደ ኢሉባቦር ሄደው እስከ አሁን በመቱ አካባቢ ይኖራሉ። በአሁኑ ጊዜ በእርጅና ምክንያት ደክመዋል። ልጆቼንም አይተዋቸው አያውቁም። ስለዚህ ቤተሰባችን እሳቸውን ለመጠየቅ ይጓዛል። ጉዞው በትምህርት ወቅት የሆነው ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያገኘው በእነዚህ ቀናት ብቻ ስለሆነ ነው። በዚህ ምክንያት ልጄ 15 የትምህርት ቀን ትቀራለች። ታኅሣሥ 13 ቀን ሰኞ ጠዋት በክፍሏ ትገኛለች።

ከክፍል ኃላፊዋ መምህር ጋር ተነጋግሬ በእነዚህ ቀናት የሒሳብ ፈተና (ከ10)፣ የጄኔራል ሳይንስ ፈተና (ከ10) እና የኅብረተሰብ ትምህርት የቡድን ሥራ (ከ10) እንዳለ ተረድቻለሁ። ስለዚህ፦

የቀረችባቸው ቀናት በስም መጥሪያው ላይ በፈቃድ እንዲመዘገቡ፣
ሁለቱን ፈተናዎች ከታኅሣሥ 13 እስከ 17 ባሉት ቀናት እንድትፈተን፣
የኅብረተሰብ ትምህርት ድርሻዋን ከጉዞው በፊት ኅዳር 19 ቀን እንድታስረክብ

እንዲፈቀድልኝና ለሚመለከታቸው መምህራን እንዲገለጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሌሎች ትምህርቶች ማስታወሻ ከክፍል ጓደኛዋ እንድትገለብጥ አደርጋለሁ። በጉዞው ምክንያት የምንዘገይ ከሆነ ከታኅሣሥ 12 በፊት በስልክ አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም ………… ፊርማ ………… ስልክ …………

ግልባጭ፦
ለ7ኛ "ለ" ክፍል ኃላፊ መምህር

ስለ አንዳንዱ መስመር ላስረዳ። "ጉዳዩ" የሚለው ላይ ብዙ ሰው "ፈቃድ ስለመጠየቅ ይመለከታል" ብቻ ብሎ ያልፋል። መዝገብ ቤት የምትቀመጠው ሠራተኛ ደብዳቤውን መዝግባ የምታስቀምጠው በዚያ መስመር ነው። ጥር ላይ ወረቀቱ ቢፈለግ የሚገኘውም በዚያው መስመር ነው። ስለዚህ ስሟ፣ ክፍሏና ቀኑ እዚያው ላይ ይግቡ። መስመሩ ቢረዝም ግድ የለም።

"በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ የተመዘገብኩ ወላጅ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሲመዘገብ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም ይሞላል። ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ያ ሰው መሆን አለበት። ቅጹ ላይ ያለው የአባትየው ስም ከሆነ አባትየው ይፈርሙ። አጎት ወይም ታላቅ እህት ፈርመው የላኩት ደብዳቤ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ አይቻለሁ።

15 ቀን ያልኩት ቅዳሜና እሑድን አውጥቼ ነው። ኅዳር 22 ሰኞ ይውላል፣ ታኅሣሥ 12 እሑድ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ ክፍል መግባት የነበረባት 15 ቀን ነው። እርስዎ "21 ቀን" ብለው ቢጽፉ ራስዎን ነው የሚጎዱት፤ ቁጥሩ ሲነበብ ትልቅ ይሆናል። የትምህርት ቀኑን ቆጥሮ የመጣ ወላጅ ደግሞ ያሰበበት ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ምክንያቱ ላይ ብዙ አልጻፍኩም። አያትየውን ለማየት፣ ለምን አሁን፣ በቃ። አንዳንድ ወላጅ ሁለት ገጽ የቤተሰብ ታሪክ ይጽፋል። ልብ ይነካል፣ ግን ዳይሬክተሩ ከዚያ ውስጥ ቀኑን ለማግኘት ይቸገራል። በቃል ሲነጋገሩ ያጫውቷቸው፤ ወረቀቱ ላይ አጭር ይሁን።

ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ለብቻ ለብቻ ይቀመጡ። ምክንያቱን ልንገርዎት። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ሲያነብ ጠርዙ ላይ ይመራል። "ለክፍል ኃላፊ፦ በጥያቄው መሠረት ይፈጸም" ይላል፣ ይፈርማል፣ ቀን ይጽፋል። ያቺ የእጅ ጽሑፍ ናት ኋላ የምታስከብርዎት። ጥያቄው ጥርት ብሎ ካልተቀመጠ ምሪቱም ጥርት አይልም። "ተፈቅዷል" ብቻ ቢል ምኑ ነው የተፈቀደው? ቀኑ ብቻ? ወይስ ፈተናውም? ሦስቱ ተዘርዝረው ከሆነ ግን "በጥያቄው መሠረት" የሚለው ሦስቱንም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ። ዳይሬክተር መምህሩን "ማርክ ስጣት" ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ መሞከርም የለበትም። ማርክ የሚመጣው ከተፈተነችው ነው። ማዘዝ የሚችለው "አስፈትናት" ብሎ ነው። ስለዚህ "ውጤቷ እንዲያዝላት" ብለው አይጻፉ። "እንድትፈተን" ይበሉ። "እንዲያዝላት" የምትለው ቃል መምህሩን ታስኮርፋለች፤ ያለ ሥራ ማርክ የተጠየቀ ይመስለዋል። "እንድትፈተን" ሲባል ግን የሚያስኮርፍ ነገር የለውም። አንዳንድ መምህር ሌላ ፈተና ማውጣት ሲያስቸግረው "ከቀረው እናሰላላታለን" ይላል። ማለትም ከ80 ያመጣችውን ወደ 100 ይቀይረዋል። 60 የምታመጣዋ ልጅ 60ዋን ታገኛለች። ይህ የመምህሩና የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ነው። ከተስማሙ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ በቃል ብቻ ከቀረ ሮስተር ሲሞላ ይረሳል።

አሁን ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ ያድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ። ሁለተኛው ላይ "ደርሶኛል" አስብለው ቀንና ፊርማ ያስደርጉ፤ ማኅተም ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይተው ይመለሱና ምሪቱን ይጠይቁ። ሲያገኙት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ፎቶውን ለክፍል ኃላፊው በቴሌግራም ይላኩላቸው፤ "መምህር፣ ተመርቷል" ብለው። እነሱ ለሒሳቡና ለሳይንሱ መምህር ያሳያሉ። ኅዳር 8 ማስገባት ያልኩት ለዚህ ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ሲሉ ሁሉም ጊዜ ይኖረዋል። ዓርብ ከሰዓት አስገብተው ሰኞ መኪና ቢሳፈሩ ግን ምሪቱ ለመምህሩ የሚደርሰው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው።

ቢከለከሉስ? ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ "15 ቀን ብዙ ነው" ሊሉ ይችላሉ። ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው የተማሪ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ አንድ ተማሪ ስንት ቀን ሊቀር እንደሚችል የሚለውን ያሳዩኝ ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ከደንቡ በላይ ከሆነ መጨቃጨቅ አያዋጣም። መደራደር ግን ይቻላል። ለምሳሌ ወደ ክፍል የምትመለስበትን ቀን ወደ ሰኞ ታኅሣሥ 6 ማምጣት። ኅዳር 22 ተነስታችሁ እሑድ ታኅሣሥ 5 ማታ ቤት ብትገቡ ልጅቷ የምትቀረው 10 የትምህርት ቀን ነው። ሒሳቡን ይዘው ይግቡ። መንገዱ ራሱ ቀን ይበላል፤ ከእነዋሪ በደነባ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ መቱ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። በየመንገዱ እያደሩ መሄድና መመለሱ ብቻ አራት ቀን ያህል ይወስዳል። ይህን ለዳይሬክተሩ በቃል ይንገሯቸው። "ሦስት ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?" ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። አንዳንድ ባልና ሚስት ደግሞ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ልጅቷን ይዞ ቀድሞ ይመለሳል፣ ሌላው ይቆያል። ይህንንም አስቡበት።

ልጅዎ 8ኛ ክፍል ብትሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። 8ኛ ላይ የክልል ፈተና አለ። የፈተናው ምዝገባ፣ ፎቶና የስም ማጣራት በዓመቱ መሐል ይካሄዳል። ስሟ በአንዲት ፊደል ተሳስቶ ሲሞላ አጠገቡ ሆና "ይሄ የእኔ አይደለም" የምትል ልጅ ከሌለች ስህተቱ ሠርተፊኬት ድረስ ይሄዳል። የ6ኛም እንዲሁ ነው። ለእነዚያ ክፍሎች ምዝገባው መቼ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ጉዞ አይቁረጡ። ታናናሽ ልጆች ካሉዎትና አንዱ 6ኛ ከሆነ ለእሱ ለብቻው ደብዳቤ ይጻፉ። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ልጅ አይሁን፤ ወረቀቱ አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው።

መንገድ ላይ ብትዘገዩ፣ ወይም አያትዎ ቢብስባቸው፣ ዝም አይበሉ። ልጅ ከተፈቀደላት ቀን አልፋ ስትቀር በስም መጥሪያው ላይ "ቀሪ" መባል ትጀምራለች። ይህ ሲደጋገም ደግሞ ትምህርት እንዳቋረጠች ተደርጋ ልትመዘገብ ትችላለች። መቱ ሆነው ደብዳቤ ማስገባት አይችሉም። ግን እነዋሪ የቀረ ሰው ይኖራል። ከመነሳትዎ በፊት ወንድምዎን ወይም ጎረቤትዎን ለክፍል ኃላፊው ያስተዋውቁ፦ "ከዘገየን እሱ ይመጣል" ብለው። እርስዎ እዚያ ሆነው አጭር ማራዘሚያ ይጻፉ፣ ይፈርሙ፣ ፎቶ አንስተው ይላኩለት። እሱ አትሞ ያስገባል። ቀኑ ግን ቁርጥ ያለ ይሁን፤ "እስከ ታኅሣሥ 17" ይበሉ እንጂ "ጥቂት ቀን" አይበሉ። ታኅሣሥ 17 ካለፈ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተናው እየቀረበ ነው። ከዚያ በላይ መቆየት ካስፈለገ ልጅቷን ከሚመለስ ዘመድ ጋር ቀድመው ይላኳት።

ሲመለሱ ሰኞ ታኅሣሥ 13 ጠዋት እርስዎም አብረዋት ይሂዱ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ምሪት ይዘው የሒሳቡን መምህር ያግኙ፤ "መቼ ትፈተን?" ይበሏቸው። ቀኑን እሷ ትጻፈው። ሳምንቱ ካለፈ ፈተናው ያልፋል። መምህሩ የሚያስበው የፊቱን ፈተና እንጂ የኋላውን አይደለም። ከተፈተነች በኋላ ደግሞ ማርኩ መግባቱን ታረጋግጥ። ጥር ላይ ሮስተሩ ከመዘጋቱ በፊት ብዙ መምህራን "ከ100 ስንት እንዳላችሁ እወቁ" ብለው ውጤቱን ክፍል ውስጥ ያነባሉ። ያን ቀን ልጅዎ የሒሳቧን፣ የሳይንሷንና የኅብረተሰቧን ቁጥር ደብተሯ ላይ ከጻፈችው ጋር ታስተያየው። ጎዶሎ ካየች እዚያው እጇን ታንሳ፤ ሮስተሩ ገና አልተፈረመም።